ማውሱን የሚያግደው ግድግዳ

እህቴ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቤቷ ሆና የሁለት ሦስት ትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ትይዛለች። አንድ ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ገዝታ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። ሳምንት ሳይሞላ ደወለችልኝ።

"ይሄ ማውስ አብዷል" አለችኝ። "አዲስ ገዛሁ፣ አዲሱም አበደ።"

ሄጄ አየሁት። ሞኒተሩ ከላፕቶፑ በስተግራ ቆሟል። ማውሱን ወደ ግራ ስትገፋው ቀስቱ የላፕቶፑ ስክሪን ጠርዝ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ምንም ወደሌለበት ወደ ቀኝ ስትገፋው ግን ከስክሪኑ ይወጣና፣ ተሻግሮ፣ በሞኒተሩ የግራ ጫፍ ብቅ ይላል። በቀኝ በር ወጥቶ በግራ በር እንደሚገባ ሰው ማለት ነው።

ማውሱ ጤነኛ ነበር። ገመዱ ለኮምፒውተሩ ስለ ሞኒተሩ ብዙ ነገር ይነግረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ በየት በኩል እንደቆመ ግን አይነግረውም። ዊንዶውስም ሌላ ካልተባለ ሁለተኛውን ስክሪን በቀኝ በኩል እንዳለ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። እውነቱን ማሳወቅ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ባዶ ዴስክቶፕ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነን `Display settings` የሚለውን ከፈትን። 1 እና 2 የተባሉ ሁለት ሳጥኖች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንድ ሳጥን ብቻ የሚታየው ሰው፣ ወይም ሁለቱም ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት ምስል የሚያይ ሰው፣ መጀመሪያ `Win + P` ተጭኖ `Extend` የሚለውን ይምረጥ፤ ዴስክቶፑን በሁለቱ ላይ የሚዘረጋው እሱ ነው። የትኛው ሳጥን የትኛው ስክሪን እንደሆነ ለማወቅ `Identify` ሲጫኑ ቁጥሩ በየስክሪኑ ላይ በትልቁ ይወጣል። የሞኒተሩ 2 ቁጥር ነበር። ሳጥኑን ይዤ ከ1 በስተግራ ጎትቼ አስቀመጥኩት፣ `Apply` አልኩ፣ ቀስቱ ወደ ግራ ተሻገረ። እህቴ አዲሱን ማውስ አይታ ተነፈሰች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። "አሁንም አንዳንዴ ይይዘዋል" አለች በማግስቱ።

ይህኛው ነው ሰው የማያስተውለው። ሳጥኖቹ እኩል አልነበሩም፤ የሞኒተሩ ይበልጣል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ፣ ሞኒተሩ ትልቅ ስለሆነ ነው ብለው ያልፉታል። ዊንዶውስ ግን ሳጥኖቹን የሚስለው በኢንችም በሴንቲሜትርም ሳይሆን በፒክስል፣ ማለትም ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው። የእህቴ አሮጌ ላፕቶፕ በወርድ 1366፣ በቁመት 768 ፒክስል ነው። ሞኒተሩ ደግሞ 1920 በ1080። ከላይ እኩል ተደርገው ሲገጣጠሙ፣ ከሞኒተሩ ቁመት የታችኛው 312 ፒክስል ጎረቤት የለውም። በሞኒተሩ ላይ ሲለካ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ነው። እዚያ ጋ ቀስቱ የሚሄድበት ስለሌለ ግድግዳ ይመታል።

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በአንዱ ከፍታ ላይ ያልፋል፣ በሌላው አያልፍም። የእህቴ የኤክሴል ገጾች መቀያየሪያ ከሞኒተሩ ታች ነው ያለው። ከዚያ ተነስታ ወደ ላፕቶፑ ስትገፋ ሁልጊዜ ይይዛታል፤ ከላይ ስትገፋ ያልፋል። "አንዳንዴ" ያለችው ይህን ነው።

ከላይ እኩል መሆናቸው ሌላም ጉዳት ነበረው። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሞኒተሩ መቆሚያው ላይ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከላፕቶፑ ስክሪን አናት የተሻገረ ቀስት፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የሞኒተሩ አናት ላይ ይወጣል። ዓይን ቀስቱን በሄደበት መስመር ይፈልገዋል፤ እዚያ የለም።

መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉት አድርጌ ላስቀምጣቸው ሞከርኩ። የላፕቶፑን ሳጥን ወደ ታች ጎትቼ፣ ከግማሹ በታች ያለው ከሞኒተሩ ሳጥን ግርጌ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረግኩት። ቀስቱ ዓይን በጠበቀው ቦታ መውጣት ጀመረ። ነገር ግን አዲስ ግድግዳ ተፈጠረ፤ አሁን ደግሞ ከላፕቶፑ የታችኛው ክፍል ማለፍ አይቻልም። ለእውነታው መታመን በር ያስከፍላል።

በመጨረሻ ሁለቱን ሳጥኖች ከግርጌ እኩል አደረግናቸው። እንዲህ ሲሆን የላፕቶፑ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው፤ ከየትም ተነስታ ወደ ሞኒተሩ ታልፋለች። የተዘጋው የሞኒተሩ የላይኛው 312 ፒክስል ብቻ ነው።

ይህ የቀረው ግድግዳ ደግሞ ጠቀማት። ሞኒተሩ በግራ ስለሆነ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኘው በቀኝ ጠርዙ ነው። ስክሪኑን የሞላ መስኮት መዝጊያዋ ኤክስ ያለችው ደግሞ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ጥግ ላይ ነው። ጥጉ ክፍት ቢሆን ቀስቱ ኤክሷን አልፎ ላፕቶፑ ላይ ይወድቅ ነበር። ግድግዳ ሲኖር ግን ማውሱን ሳያነጣጥሩ ወደ ጥጉ መወርወር ይበቃል፤ ቀስቱ እዚያው ይቆማል። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው፣ እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በርቀቱና በዒላማው ስፋት ይወሰናል። የስክሪን ጠርዝ ቀስቱን ስለሚያቆመው ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ትልቅ ዒላማ ትሆናለች። ዊንዶውስ 11 ላይ `Multiple displays` በሚለው ሥር `Ease cursor movement between displays` የሚባል ምርጫ አለ፤ ግድግዳ የመታውን ቀስት አሻግሮ ይወስደዋል። ግድግዳ ለሚያማርረው ሰው ደህና ነው። ጥጉን ለለመደ ሰው ግን ቢያጠፋው ይሻለዋል።

ከወራት በኋላ ላፕቶፑ ተቀየረ። አዲሱም ስክሪኑ 15.6 ኢንች ነው፣ እንደ አሮጌው፤ ፒክስሉ ግን 1920 በ1080፣ ልክ እንደ ሞኒተሩ። ሁለቱ ሳጥኖች እኩል ሆኑ፣ ግድግዳም ጠፋ። እኔ አሁንስ ተገላገልን ብዬ ነበር።

"ፊደሉ ይጠብባል" አለች። መስኮቱ ሞኒተሩ ላይ ደህና ይነበባል፣ ወደ ላፕቶፑ ሲጎተት ያንሳል። ምክንያቱ እዚያው ሳጥኖቹ ውስጥ ነው። በፒክስል እኩል ናቸው፤ በሴንቲሜትር ግን የሞኒተሩ ወርድ 53፣ የላፕቶፑ 34.5 ገደማ ነው። ያው ብዛት ያለው ነጥብ ጠባብ ቦታ ላይ ሲጨናነቅ፣ በላፕቶፑ ላይ በአንድ ኢንች 141 ነጥብ ይሰለፋል፤ በሞኒተሩ ላይ 92። ስለዚህ ያው ፊደል ላፕቶፑ ላይ አንሶ ይታያል።

እህቴ ብቻዋን የሞከረችው መፍትሔ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነው፤ የላፕቶፑን `Display resolution` ዝቅ ማድረግ። ፊደሉ ተለቀ፣ ግን ጠርዙ ደበዘዘ፤ ነጥቦቹ በተሠሩበት ልክ ስላልበሩ። ያ ቁጥር `Recommended` የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ መቆየት አለበት። የፊደል መጠን የሚስተካከለው ከሱ አጠገብ ባለው `Scale` ነው፤ እሱም ለየስክሪኑ ለብቻው ይቀመጣል። መጀመሪያ ሳጥኑን መምረጥ፣ ከዚያ ቁጥሩን መቀየር።

ስንት ይሁን? 141ን ለ92 ስናካፍል 1.5 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሞኒተሩ 100% ላይ ሲሆን ላፕቶፑ 150% ቢሆን ያው ፊደል በሁለቱም ላይ በሴንቲሜትር እኩል ይሆናል። ዊንዶውስ በራሱ ለላፕቶፑ መርጦ የነበረው 125% ነው፤ ለዚህ ነው ልዩነቱ የታያት። ዋጋው ላፕቶፑ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታየው ሥራ ማነሱ ነው። እሷ እዚያ የምታስቀምጠው ኢሜይል ብቻ ስለሆነ አልከበዳትም።

መስኮት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲጎተት መሃል መንገድ ላይ ድንገት መጠኑን ይቀይራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አብዛኛው ክፍሉ ወዳለበት ስክሪን መለኪያ መዞሩ ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች ግን ይህን አያውቁበትም። የእህቴ የሂሳብ ፕሮግራም ሞኒተሩ ላይ በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት መስሎ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሚለካው፣ ወደ ዊንዶውስ በተገባበት ጊዜ ዋና በነበረው ስክሪን ነው፤ ዋናው ደግሞ ላፕቶፑ ነበር። የሞኒተሩን ሳጥን መርጠን `Make this my main display` ላይ ምልክት አደረግን፣ ከዊንዶውስ ወጥታ እንደገና ገባች፤ ጽሑፉ ጠራ። እዚያው ላይ ስለምትሠራበት ላፕቶፑ ላይ ቢደበዝዝም አያገባትም።

አንድ የቀረ ነገር መብራት ነበር። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ይጨልማል። ገመዱ ግን እንደተሰካ ስለሆነ አንዳንድ ሞኒተር ጠፍቶም ላፕቶፑ አለ ብሎ ይቆጥረዋል። የእሷም እንደዚያ ነው። የደመወዝ መዝገቡ ጨለማው ስክሪን ላይ ተከፍቶ ቀረ፤ ጠፋብኝ ብላ ልትደነግጥ ነበር። አሁን መብራት ሲሄድ ገመዱን ከላፕቶፑ ትነቅላለች። መስኮቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ላፕቶፑ ላይ ይመጣሉ። መብራት ሲመጣ መልሳ ትሰካለች፤ ሳጥኖቹ በተውናቸው ቦታ ናቸው፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ መስኮቶቹን ወደነበሩበት ይመልሳቸዋል። ሁለተኛው ማውስ እስከነካርቶኑ መሳቢያዋ ውስጥ አለ።