የ61,000 ብሩ ልዩነት

አንድ ወረቀት አከፋፋይ የሰኔ 30 የሒሳብ መግለጫውን ለደንበኛው ማተሚያ ቤት በኢሜይል ላከ እንበል። ቀሪ ዕዳው 412,000 ብር ይላል። የማተሚያ ቤቱ መዝገብ ግን 351,000 ብር ብቻ ያሳያል።

ብዙዎች እዚህ ላይ «በእኛ መዝገብ እንዲህ አይደለም» የሚል አጭር መልስ ይጽፋሉ። ይህ ጭቅጭቅ እንጂ ማስታረቅ አይደለም። ጠቃሚው መልስ ሁለቱን መዝገቦች በደረሰኝ ቁጥርና በቀን አነጻጽሮ፣ ያልተገናኙትን መስመሮች ብቻ ይዘረዝራል።

እዚህ ሦስት ተገኙ። ሰኔ 29 የተቆረጠ የ46,000 ብር ደረሰኝ አለ፤ ወረቀቱ መጋዘን የገባው ግን ሐምሌ 2 ነው። ማንም አልተሳሳተም፣ ጊዜው ነው የተዛነፈው። ሁለተኛው፣ ማተሚያ ቤቱ ከክፍያ ላይ ቀንሶ ለግብር ያስገባው የ6,000 ብር ዊዝሆልዲንግ ነው። የተቀነሰበት ደረሰኝ ለሻጩ ስላልደረሰው እንዳልተከፈለ ዕዳ ይዞታል። በአገራችን ይህ የተለመደ ነው፤ ወረቀቷ በገንዘብ ያዡ መሳቢያ ውስጥ ትከርማለች። ሦስተኛው ረጥቦ የተመለሰ የ9,000 ብር ወረቀት ሲሆን ሻጩ ክሬዲት ኖት አላወጣለትም።

ሻጩ 15,000 ብር ሲቀንስ፣ በገዢው በኩል ደግሞ መንገድ ላይ የነበረው 46,000 ብር ሲደመር ሁለቱም 397,000 ብር ላይ ይገናኛሉ። ኢሜይሉ ግን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙና የመመለሻ ሰነዱ ቅጂ ካልተያያዘበት ሻጩ መዝገቡን የሚያርምበት ማስረጃ የለውም።

ሁለቱም ወገን መመዝገብ የረሱትን ሽያጭ ግን ይህ ዘዴ አያገኘውም።