የዳሽቦርዱን እድሳት ለማን እንስጥ?

ዳሽቦርድ በየማለዳው መታደሱ ብቻውን አያስተማምንም፤ ትክክለኛውን መረጃ ይዞ መታደሱ ነው ቁም ነገሩ። በርካታ ቅርንጫፎች ያሉትን የችርቻሮ ድርጅት እናስብ። የትናንቱ ሽያጭ ከሌሊቱ 10፡40 ጀምሮ ወደ ዳታቤዝ ይጫናል፤ አብዛኛውን ጊዜ 11፡20 ላይ ያልቃል። ኃላፊዎቹ ዳሽቦርዱን የሚከፍቱት ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

ቀላሉ መንገድ በራሱ በዳሽቦርድ አገልግሎቱ ውስጥ ያለው ሼጁለር ነው። በፓወር ቢአይ ፕሮ፣ ለምሳሌ፣ በቀን እስከ 8 ጊዜ ማደስ ይቻላል። እድሳቱን 11፡40 ላይ ቀጠርነው እንበል። አንድ ቀን ኔትወርክ ተጨናንቆ ጭነቱ እስከ 12፡05 ቢዘገይ ሼጁለሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያየው ሰዓቱን ብቻ ነው። በቀጠሮው ያድሳል፣ “ተሳክቷል” ብሎም ይመዘግባል፤ የግማሾቹ ቅርንጫፎች ሽያጭ ግን የለም። ስህተቱን ለመያዝ በዳሽቦርዱ ላይ የታደሰበትን ሰዓት ሳይሆን የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ የመጨረሻ የሽያጭ ቀን ማሳየት ይበጃል።

ሁለተኛው መንገድ ፕሮግራመሮች ኮድ ለመፈተሽ የሚጠቀሙበት የሲአይ ፓይፕላይን ነው። በጊትሃብ አክሽንስ ዋናው ክፍል ይህን ይመስላል፦

```yaml
on:
  schedule:
    - cron: "40 1 * * *"
# ...
    steps:
      - run: python load.py
      - run: python refresh.py
```

ሰዓቱ የተጻፈው በዩቲሲ ስለሆነ 1፡40 ማለት በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 10፡40 ነው። እዚህ እድሳቱ የሚጀምረው ጭነቱ በሰላም ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ጭነቱ ከወደቀ ሥራው እዚያው ይቆማል፣ ውድቀቱም በግልጽ ይታያል። ሆኖም አገልግሎቱ ሲጨናነቅ፣ በተለይ ሰዓት ሲሞላ፣ ሥራው ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሪፖዚተሪ ለ60 ቀናት እንቅስቃሴ ካልታየበትም ቀጠሮው መልሶ እስኪነቃ ድረስ ይቆማል።

ሦስተኛው በ2014 ኤርቢኤንቢ ውስጥ የተጀመረው ኤርፍሎው ነው። ዳሽቦርዱ ሽያጩን፣ የባንክ ክፍያውንና የመጋዘን ቆጠራውን አንድ ላይ የሚያሳይ ከሆነና ሦስቱም በየራሳቸው ሰዓት የሚደርሱ ከሆነ ተገቢው ቦታ እዚህ ነው። እድሳቱ ሦስቱን ይጠብቃል። ባንኩ ብቻ ከወደቀ እሱ ብቻ እንደገና ይሞከራል። ያለፈው ሳምንት የሦስት ቀን መረጃ ስህተት ሆኖ ቢገኝ፣ ሥራው ቀን በቀን እንዲደገም ተደርጎ ከተጻፈ፣ እነዚያን ቀናት ብቻ መልሶ ማስኬድ ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ሁልጊዜ የሚሠራ ሰርቨርና ዳታቤዝ፣ የሚከታተለውም ባለሙያ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከመምረጥዎ በፊት እድሳቱ ስንት ነገር እንደሚጠብቅ ይቁጠሩ። መረጃው እድሳቱ ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ የሚደርስ ከሆነ ሼጁለሩ ይበቃል። ተከታትለው የሚሠሩ ሁለት ሦስት እርምጃዎች ካሉ ሲአይ ይሻላል። ምንጮቹ ብዙ ሆነው ያለፉ ቀናትን መድገም የተለመደ ሲሆን ደግሞ ኤርፍሎው ወጪውን ይመልሳል።