አንድ በር፣ ሁለት አዝማች

ከአገር ወጥቶ ስለመመለስ ለተዘፈነ ዘፈን ክሊፕ ሲታሰብ፣ ዳይሬክተሩ ከቀረጻው በፊት ግጥሙን በአንድ ዓምድ፣ ትዕይንቱን በትይዩው ይጽፋል። ዘፋኟ ማልቀሷን ስትናገር እንባ ማሳየት ድግግሞሽ ነው፤ ምስሉ ስንኙ የተወውን ቢያሳይ ይሻላል።

ዋናው ፈተና አዝማቹ ነው። ቃሉ ሳይለወጥ ስለሚደጋገም ለውጡን የሚሸከመው ምስሉ ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው አዝማች ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ እናቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሸኛታለች። በመጨረሻው በዚያው በር ስትመለስ ደጃፉ ባዶ ነው።

የካሜራው ቦታ፣ ከፍታና ሌንስ በወረቀቱ ላይ ይመዘገባሉ፤ እነዚህ ከተለወጡ ተመልካቹ ሁለቱን ትዕይንቶች አያያይዛቸውም። ሁለቱም በአንድ ቀን የሚቀረጹ ከሆነ፣ መውጫው ጠዋት፣ መመለሻው አመሻሽ ላይ ይያዛል፤ የጥላው አቅጣጫ ሲዞር ጊዜ ማለፉ ይታያል።