ሐሙስ ጠዋት ደለስ ላይ

ውድ እማዬ እና አባባ፣

ሐሙስ ጠዋት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቃችኋለሁ። አባባ ሳያውቁ ከቤት መውጣት ስለማይወዱ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሎ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ዕቅዱን ያወጣሁት እንቅልፋችሁን አስቤ ነው። በግንቦት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ለሰውነታችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ ዓይናችሁ ይከደናል፣ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ትነቃላችሁ። ስለዚህ የምንወጣው ጠዋት ጠዋት ነው። ሐሙስ ግን ሩቅ አንሄድም። ትንሽ ካረፋችሁ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈራችን ውስጥ ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን፤ ሰውነት አዲሱን ሰዓት ቶሎ የሚለምደው በቀን ብርሃን ነው። እስኪመሽ እንዳትተኙ አጫውታችኋለሁ።

ዓርብ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንሄዳለን። ጠዋት 4 ሰዓት ይከፈታል፣ መግቢያው ነጻ ነው። በቀዩ ባቡር ሜትሮ ሴንተር ደርሰን እንቀይራለን፤ ጣቢያዎቹ ሁሉ አሳንሰር ስላላቸው የአባባ ጉልበት አይቸገርም። የሰው ልጅ አመጣጥ በሚታይበት ክፍል ድንቅነሽን ታገኟታላችሁ። በ1967 ዓ.ም ሐዳር የተገኘው እውነተኛው አጽሟ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ያለው ቅጂው ነው። ሃምሳው ስላላለቀ ጾም የለም፤ ምሳ ከፈለጋችሁት እንበላለን።

ቅዳሜ በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ የሊንከን መታሰቢያ። ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። አባባ፣ ይህን ለእርስዎ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። በዙሪያው 36 ዓምዶች አሉ፤ ሊንከን ሲሞት የነበሩት ክፍለ ግዛቶች ቁጥር ነው። ከሐውልቱ 18 ደረጃ ወረድ ብሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግሩን ያደረገበት ቦታ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ለተማሪዎችዎ ስንቴ የተረኩትን እዚያው ቆመው እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ።

እሑድ ቅዳሴ፣ ሰኞ ዕረፍት።

ማክሰኞ የእማዬ ቀን ነው። ከምክር ቤቱ ሕንፃ አጠገብ ባለው የዕፅዋት ማሳያ፣ ትልቅ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ የቡና ዛፍ አለ። ክረምት በረዶ በሚጥልበት አገር ቡና እንዴት ይኖራል ብለሽ ስትጠይቂኝ ነበር፤ ሙቀቱና እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ ይጠበቅለታል። የእንስሳቱን መናፈሻ ግን ትቼዋለሁ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መመለስ አድካሚ ነው።

መድኃኒታችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ። እማዬ፣ በርበሬና ሽሮ አምጪ፣ የያዝሽውን ምግብ ሁሉ ግን ለጉምሩክ ተናገሪ። ቋንጣውን ለእህቴ ተይላት፤ የሥጋ ነገር አያስገቡም፣ ይወስዱብሻል።

በሰላም ያገናኘን።

ልጃችሁ