«ይሄ አዲሱ ቁጥሬ ነው»

«እማ፣ እኔ ነኝ። ስልኬ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተበላሸብኝ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቁጥር ጻፊልኝ።» መልእክቱ የሚመጣው በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ነው። ፎቶው ሪያድ ያለችው ልጅ ፎቶ ነው፤ የቁጥሩ መነሻም 966፣ የሳዑዲ ኮድ ነው። እናት ደስ ብሏት «ሄለንዬ፣ አንቺ ነሽ?» ብላ ትመልሳለች። ላኪው ግን ስም አልጻፈም ነበር። ስሙን የሰጠችው እናት ራሷ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሰውየው ሄለን ሆኖ ይጽፋል።

በማግስቱ ችግሩ ይመጣል። «ኢቃማዬ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀረው። የሚያሳድስልኝ ሰው ወንድሙ አዲስ አበባ ነው፤ 45 ሺህ ብር በሱ ሂሳብ አስገቢለት። ደሞዝ ስቀበል እልክልሻለሁ። ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል።» ይህ ምሳሌ የተለመደውን አካሄድ የያዘ ነው፤ ኢቃማው በሌላው ቤት የሆስፒታል ክፍያ ወይም ጉምሩክ የያዘው ዕቃ ሊሆን ይችላል።

«አዲስ ቁጥር ከሆነ አትመኑ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ግን ለእኛ ቤተሰቦች አይሠራም። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳ በአሠሪዋ ሊወሰድባት ይችላል፤ በእውነት ስትቸገርም የምትጽፈው ከጓደኛዋ ስልክ ነው። ፊት የተነሳ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብሎ ስልክ መዝጋት እውነተኛዋን ልጅ ብቻዋን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ መልእክቱ ባልሰጠን፣ እኛ በመረጥነው መንገድ ማጣራት ነው።

ከፎቶው አንጀምር፤ ፎቶ ከፌስቡክ ላይ በደቂቃ ይወሰዳል። የአገር ኮዱም ማስረጃ አይሆንም። ዋትስአፕ አንድን ቁጥር የሚያረጋግጠው ወደዚያ ቁጥር በሚልከው ኮድ ነው፤ ኮዱ አንዴ ከገባ በኋላ መተግበሪያውን የያዘው ሰው የትም ተቀምጦ መጻፍ ይችላል።

መጀመሪያ የሚደወለው በድሮው ቁጥር ነው። ተበላሸ የተባለው ስልክ አንስቶ «እማ፣ ደህና ነሽ?» ካለ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካልተነሳ፣ እዚያው ከተማ ላለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ደውሎ «ዛሬ አግኝተሃታል?» ማለት ነው። አጭበርባሪው «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለውም ይህንን ጥሪ ስለሚፈራ ነው። «እዚህ ጥሪ አይሠራም» የሚለውም ምክንያት አያታልለን። በዱባይና በሌሎቹ የኤምሬትስ ከተሞች የዋትስአፕ ጥሪ መታገዱ እውነት ነው፤ መደበኛው የስልክ ጥሪ ግን ይሠራል። የደቂቃው ሂሳብ ውድ ቢሆን እንኳ 45 ሺህ ብር አይደርስም።

ማንንም ማግኘት ካልተቻለ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀው ነገር ግን መመረጥ አለበት። የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታና የልደት ቀን ፌስቡክ ላይ ይገኛሉ። የተሻለው ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ነው፦ «ለአክስትሽ የላክሽው መድኃኒት ትናንት ደረሰ፤ መርቃሻለች።» ልጅቷ ምንም መድኃኒት ካልላከች «የምን መድኃኒት?» ማለቷ አይቀርም። ወደ ገንዘቡ ለመመለስ የቸኮለ ሰው ግን «አሜን፣ እማ። ብሩስ?» ይላል። በድምፅ የተላከ አጭር መልእክት ግን ለመተማመኛ አይበቃም። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ወይም በኮምፒውተር የተመሰለ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስተማምነው ጥያቄና መልስ ያለበት ቀጥታ ንግግር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ብሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ እንይ። ችግሩ ሪያድ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው አዲስ አበባ፣ በማናውቀው ሰው ሂሳብ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስንልክ፣ ከማረጋገጣችን በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። እዚያ ላይ ቆም ብሎ ስሙን ማንበብና «ይህ ሰው ማን ነው? ቤቱ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የስሙ መውጣት ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፤ አጭበርባሪዎች በሌላ ሰው ስም በተከፈተ ሂሳብ ይጠቀማሉ።

ብሩ ከተላከ በኋላ የነቃ ሰው ከአጭበርባሪው ጋር መሟገቱን ትቶ ወዲያው ወደ ባንኩ ይደውል፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127 ነው። የዝውውሩን መለያ ቁጥር ሰጥቶ የተቀባዩ ሂሳብ እንዲታገድ ይጠይቅ። ገንዘቡ ከወጣ ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ከተሻገረ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ቅርንጫፍ እሄዳለሁ ማለት ጊዜ ማባከን ነው። የተጻጻፉትን በንዴት ማጥፋትም አይገባም። ቁጥሩ፣ የተቀባዩ ስም፣ ሰዓቱና መልእክቶቹ ሁሉ ስክሪን ሻት ተነስተው ለፖሊስ ይቅረቡ። በዚያው ቀን ለሌሎቹ ዘመዶችም ይነገራቸው፤ የሄለንን ፎቶ የያዘው ሰው ቀጥሎ የሚጽፈው ለአጎቷ ሊሆን ይችላል።