ከሾርት ኖቱ ጋር የምትላከው መልእክት

የመውጫ ፈተና ሲቃረብ የየዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ሌሊት አይተኛም። አንዱ ሞጁል ይለጥፋል፣ ሌላው ያለፈ ዓመት ጥያቄ ይልካል። በመጨረሻ አንዱ ትጉህ የአራት ዓመቱን ትምህርት ጨምቆ ሾርት ኖት ያመጣና ከሥሩ «በርቱ!» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናው ይጎርፋል፣ ሁሉም ያወርደዋል። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፤ ሲጨርሱ እንደገና ይጀምሩታል።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። ተማሪዎቹ አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሌላውን ግን አንዴ አንብበው ካስቀመጡ በኋላ የሚያስታውሱትን በወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ድጋሚ የተነበበው በለጠ፤ 81 ከመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ በተፈተኑት ላይ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ ድጋሚ ከተነበበው 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ያነበበ ሰው ያጠናው የገባው ይመስለዋል፤ ዓይኑ ገጹን ስለለመደው ነው።

ስለዚህ «በርቱ» ብቻውን አይበቃም። አንድ የአካውንቲንግ ተማሪ ለባቹ ቢጽፍ ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«ሰላም ልጆች። የፋይናንሻል አካውንቲንግ ሾርት ኖት ይኸው፤ 12 ገጽ ነው። ታክስና ኦዲት የለበትም። ገና ስትከፍቱት እንዳታነቡት! መጨረሻ ገጽ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በባዶ ወረቀት ሥሩ፤ ከዚያ የሳታችሁትን ርዕስ ብቻ ሄዳችሁ እዩ። ቀመሩን እንጂ ምሳሌዎቹን አላስገባሁም፣ ለእነሱ ሞጁሉን ክፈቱ። የሳታችሁትን ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሞክሩት። ስህተት ካያችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።»

መልእክቱ አጭር ነው፤ ግን ጓደኛው የሚስትበትን ቦታ ሁሉ ነክቷል። «ታክስና ኦዲት የለበትም» ባይል ኖሮ አንዳንዱ ሁሉም ነገር በእጁ የገባ መስሎት ሌላውን ይተወው ነበር። የፈተናው ብሉፕሪንት የትኞቹ ኮርሶች እንደሚገቡ ስለሚዘረዝር፣ ሾርት ኖቱን ከሱ ጋር አስተያይቶ የጎደለውን መናገር የአዘጋጁ ሥራ ነው።

ምሳሌ የሌለው ቀመር እንዴት እንደሚያሳስት አንድ ስሌት በደንብ ያሳያል። በ60,000 ብር የተገዛ ኮምፒውተር አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ቀሪ ዋጋው ደግሞ 5,000 ብር ነው እንበል። በቀጥተኛው ስሌት የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ፣ ከ60,000 ላይ 5,000 ተቀንሶ ለአምስት ሲካፈል፣ 11,000 ብር ይሆናል። በደብል ዲክላይኒንግ ግን መጣኔው እጥፍ ማለትም 40 ከመቶ ነው፤ የሚባዛውም ቀሪ ዋጋው ባልተቀነሰበት በ60,000 ነው። የመጀመሪያው ዓመት 24,000 ብር ይመጣል። ቀመሩን ብቻ የሸመደደ ልጅ በመጀመሪያው ስሌት ልማድ 5,000ውን ቀንሶ 22,000 ያገኛል። ጥያቄ አውጪ ደግሞ 22,000ን ከምርጫዎቹ መሃል ቢያስገባው አይገርምም።

ቀሪ ዋጋው ተረሳ ማለት ግን አይደለም፤ ሥራው መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአራተኛው ዓመት ማብቂያ የመዝገብ ዋጋው 7,776 ብር ይደርሳል። የዚህ 40 ከመቶ ቢቀነስ ዋጋው ከ5,000 በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት የሚቀነሰው 2,776 ብር ብቻ ነው። ይህን በእጁ ሠርቶ 22,000 ያገኘ ተማሪ የትኛውን ገጽ መክፈት እንዳለበት ያውቃል። አሥር ጊዜ ያነበበው ግን ስህተቱን የሚያየው ፈተናው ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው አዘጋጁ ራሱ መሆኑም አይካድም። ምን ልተው፣ ምን ላስገባ ሲል ትምህርቱን በራሱ ቃል አመንዥኮታል፤ ጓደኞቹ የሚደርሳቸው ያለቀው ነው። ጥያቄዎቹን ከፊት ማድረግ የዚያን ድካም ጥቂት ድርሻ ለአንባቢው ይመልስለታል።

አዘጋጁ ስህተት ከተነገረው በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። ቴሌግራም ላይ የተላከን ፋይል በተስተካከለ ፋይል መተካት ይቻላል፤ ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረገውና በየስልኩ የወረደው ግን እንዳለ ይቀራል። የተሳሳተው ቀመርም ከግሩፕ ግሩፕ እየዞረ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በፋይሉ ስም ላይ የታረመበትን ቀን መጻፍ፣ አዲሱን ፒን ማድረግ፣ ከሥሩም «ገጽ 7 ላይ የደብል ዲክላይኒንግ ቀመር ታርሟል፤ የድሮውን አጥፉት» ብሎ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። «አስተካክያለሁ» ብቻ ከተባለ ማንም ተመልሶ አያየውም።