አልቡሚን ሲቀንስ ሰውነት ተርቧል ማለት ነውን?

በኦክላንድ የሚኖሩ የ68 ዓመት አባት በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ እንበል። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው የደም ምርመራውን ውጤት በስልኳ ስትከፍት አልቡሚናቸው በዴሲሊትር 2.4 ግራም መሆኑን ታያለች፤ የጤነኛ ሰው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ነው። ፕሪአልቡሚን የተባለው ሌላው ፕሮቲንም 8 ሚሊግራም ደርሷል፤ 20 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይገባው ነበር። ቤተሰቡ «በምግብ እጦት ተጎድተዋል» ብሎ ይደነግጣል። በማግሥቱም እንቁላሉ፣ አጥሚቱና በሶው ወደ ሆስፒታል ይጓጓዛል። አባት ግን እስከ ታመሙበት ዕለት ድረስ በደንብ ይበሉ ነበር፤ ክብደታቸውም ለወራት ከ74 ኪሎ ንቅንቅ አላለም።

የቁጥሩ ምሥጢር ያለው በጉበት ውስጥ ነው። አልቡሚንንም ፕሪአልቡሚንንም የሚያመርተው ጉበት ነው። ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር ሲዋጋ ወይም ሲቆስል፣ ብግነት በሚባለው የመቆጣት ሁኔታ ውስጥ ይገባል። በዚህ ጊዜ የመከላከያ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 6ን የመሰሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። ጉበትም መልእክቱን ተቀብሎ የዘወትር ሥራውን ይቀንስና ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንን (ሲአርፒ) የመሰሉ የውጊያ ፕሮቲኖችን ማምረት ያስቀድማል። የደም ሥሮችም ልል ስለሚሆኑ አልቡሚን ከደም ወጥቶ ወደ አካባቢው ሥጋ ይሰርጋል። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ደግሞ የቀረውን ያቀጥነዋል።

ምክንያቱ ረሃብ አለመሆኑን ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ጊዜ የተመረተ አልቡሚን በግማሽ ለመቀነስ 20 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ጉበት ምርቱን ጨርሶ ቢያቆም እንኳ፣ በሦስት ቀን የሚጠፋው አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ 4 የነበረው ወደ 3.6 ዝቅ ይላል እንጂ 2.4 አይደርስም። የፕሪአልቡሚን ዕድሜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ በመሆኑ የምግብን ለውጥ ቶሎ ያሳያል ተብሎ ብዙ ታምኖበት ነበር። ነገር ግን ብግነት የእርሱንም ምርት ስለሚገታ ከስሕተቱ አያድንም።

ስሕተቱ በማገገሚያ ጊዜም ይደገማል። በዘጠነኛው ቀን የአባት ሲአርፒ በሊትር ከ180 ወደ 30 ሚሊግራም ሲወርድ፣ ፕሪአልቡሚናቸው ወደ 17 ይወጣል። ቤተሰቡ አጥሚቱን ያመሰግናል፤ ቁጥሩን ከፍ ያደረገው ግን በዋናነት የብግነቱ መብረድ ነው። በሽተኛው በእነዚያ ቀናት እጅግ ጥቂት በልተው ቢሆን ኖሮም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ የሚያሳስበው ረሃብ ከመልካም ውጤት ጀርባ ይደበቃል።

ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ወር ምግባቸው ተቀንሶ ክብደታቸው በሩብ ገደማ ሲወርድ፣ አልቡሚናቸው የቀነሰው ጥቂት ብቻ ነበር። አሁን በሳን ሆዜ የሚኖሩ የ72 ዓመት እናትን እናስብ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከማዕዳቸው ግማሹን እየተዉ በአምስት ወር ከ62 ወደ 54 ኪሎ ወርደዋል። ብግነት ስለሌለባቸው አልቡሚናቸው 4.1 ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ደኅና ነዎት» ብሎ ይሸኛቸዋል።

የሥነ ምግብ ማኅበራት በጋራ ያወጡት ግሊም የተሰኘ መመዘኛ ግን ስለ አልቡሚን አይጠይቅም። በአንድ በኩል በአካል ላይ የሚታይ ምልክት ይፈልጋል፦ በስድስት ወር ከ5 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስ፣ ለቁመት የማይመጥን ዝቅተኛ ክብደት ወይም የጡንቻ መመንመን። በሌላ በኩል መንሥኤ ይፈልጋል፦ የምግብ መጠን መቀነስ ወይም ብግነት የሚያስከትል በሽታ። ከሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ ሲገኝ የምግብ ጉዳት አለ ይባላል። የሳን ሆዜዋ እናት 13 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ የሚበሉትም ተጓድሏል። ከ10 በመቶ በላይ መቀነሳቸው ጉዳቱን ከባድ ያሰኘዋል። የኦክላንዱ አባት ብግነት ቢኖርባቸውም የአካል ምልክቱ የለም፤ ስለዚህ ገና አልተጎዱም፤ በየቀኑ የሚበሉት መጠን ግን ሊመዘገብ ይገባል።

ሚዛንም ቢሆን ያታልላል። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ የቀነሰውን ሥጋ ሊሸፍን ይችላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያው ትከሻንና ጭንን በእጁ ይዳስሳል፤ የእጅ ጭብጥ ጉልበትንም በመሣሪያ ይለካል።

የአሜሪካው የሥነ ምግብ ሕክምና ማኅበር አስፐን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው የአቋም መግለጫ፣ እነዚህ ፕሮቲኖች የምግብ ጉዳት መለኪያ እንዳይሆኑ አሳስቧል። ይህ ማለት ግን ዝቅተኛ አልቡሚን ይናቅ ማለት አይደለም። በሽታው ምን ያህል እንደ ጠና ስለሚጠቁም ሐኪሙ መንሥኤውን ይፈልጋል፤ ኩላሊትና ጉበትንም ይመረምራል። ስለ ምግብ የሚመሰክረው ግን ቤተሰቡ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት የነበረው ክብደት ስንት እንደ ሆነ፣ ልብሱ መቼ መስፋት እንደ ጀመረ፣ ከቀረበው ምግብ ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚያውቀው እርሱ ነውና።